ያላየኋቸው ስላይዶች

ያን ጊዜ ቀን ቀን የሆስፒታሉ የወንዶች ዎርድ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ እዚያው ግቢ የድሬሰርነት ትምህርት እማር ነበር። ሠራተኛ ማለት ወለል የሚወለውል፣ አንሶላ የሚቀይር፣ ፖፖ የሚደፋ፣ የበሽተኛ ራስ ደግፎ ውሃ የሚያጠጣ ነው። ድሬሰር ግን መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፣ ነጭ ካፖርት ይለብሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ፈተና ብቻ ነበር። ለእኔ ግን ያ ርቀት ከአንድ በረሃ ማዶ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከሥራ ወጥቼ ክፍል ስገባ እግሮቼ ያብጣሉ፣ ዓይኔ ይከደናል፣ አስተማሪው የሚናገረው ከሩቅ ሰፈር እንደሚሰማ የሠርግ ከበሮ ሆኖ ይመጣብኛል።

የምንማረው በተመላላሽ ታካሚዎች መጠበቂያ አዳራሽ ነው። ቀን በሽተኞች የተቀመጡባቸውን አግዳሚ ወንበሮች በዲቶል ውሃ እንወለውልና ማታ እኛ እንቀመጥባቸዋለን። አስተማሪያችን አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር። በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አንድ የቆየ ድሬሰር ደግሞ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረንም። ያለን ከአስተማሪው አፍ የቃረምነውና በየደብተራችን የሞነጫጨርነው ብቻ ነው።

ስለ ወባ ከመፈተናችን በፊት ሐኪሙ አንድ ነገር ቃል ገባልን። የስላይድ ማሳያ መኪና ከሌላ መሥሪያ ቤት ተውሶ ለአንድ ምሽት ያመጣልናል፤ ትንኟን፣ እጯን፣ በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ሁሉ በቀለም፣ በግድግዳ ላይ ያሳየናል። ክፍሉ በሙሉ ስለዚያ ምሽት ያወራ ነበር። አብዛኞቻችን ስላይድ የሚባል ነገር አይተን አናውቅም። ሲኒማ ነው የሚሉ ነበሩ።

የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ ከበረሃ በጭነት መኪና የመጡ ትኩሳታሞች ዎርዱን ሞሉት። በፈረቃ የምትተካኝ ሴት ደግሞ ልጇ ታሞባት ቀረች። የዎርዱ ኃላፊ ሲስተር መጥታ፣

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ጥለሽኝ አትሂጂ» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ዛሬ እኮ ስላይድ ነው።»

«አውቃለሁ። እነዚህን ግን ማን ያገላብጣቸው?»

ትኩሳታሞቹን አየኋቸው። የአንዱ ጥርስ እየተንቀጫቀጨ አልጋው ይንቋቋል። እርጥብ ጨርቄን አነሳሁ። በኋላ፣ የቆሸሸ አንሶላ ተሸክሜ በግቢው ሳልፍ፣ የአዳራሹ መስኮት ጨለማ ነው፤ በመዝጊያው ስንጥቅ ብቻ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ብርሃን ይታያል። ከውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ «ኧረ!» ሲሉ ሰማሁ። ቆሜ ለማየት ፈለግኩ። አንሶላው ይሸታል፤ ሄድኩ።

በነጋታው አስተርጓሚያችንን መተላለፊያው ላይ ያዝኩት።

«የስላይዱ መኪና የት ነው?»

«ጠዋት በባቡር ተመለሰ።»

«ስላይዱስ?»

«አብሮ ነዋ! ፈተናው ግን ቅዳሜ ነው።» ይህን ሲናገር ፊቱን አዞረ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሐዘኔን ማየት አልፈለገም። «ሰው ጠይቂ። ሁሉም ጽፏል።»

ጠየቅኩ። የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ ደብተሯን ሰጠችኝ፤ በጨለማ ስለጻፈችው መስመር በመስመር ላይ ተደራርቧል። ከዚያ ውስጥ የሚነበበው «ትንኝ፣ ትንኝ፣ እጭ፣ ደም፣ ደም» የሚል ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ «በጣም ያምር ነበር» አለኝና ሌላ ምንም ሊነግረኝ አልቻለም። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተስማሙ። «የመጋላውን ጠይቂው። ፊት ነው የተቀመጠው፣ ዓይኑን አልነቀለም።»

መጋላ ከሚባለው ሰፈር ስለሚመጣ የመጋላው የምንለው ሱማሌ ነበር። ቀን በአጎቱ የመኪና ዕቃ ሱቅ ይሠራል፣ ማታ ከእኛ ጋር ይማራል። አማርኛውን ከሱቁ ደንበኞች ነው የለቀመው፤ ሲናገር ይፈጥናል፣ ሲያነብ ግን ፊደል በፊደል ይቆጥራል። ከእሱ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግሬ አላውቅም። እንዳገኘሁት ነገርኩት።

«ቀትር ላይ ነይ» አለኝ። «አጎቴ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል፣ ሱቁ ይዘጋል። አክስቴ አለች፣ አትፍሪ።»

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሰው የለባትም። ፀሐይ ከተማውን ይገዛዋል፤ ሱቅ ይቆለፋል፣ ጋሪዎች ከዛፍ ሥር ይቆማሉ፣ አህዮች እንኳ አይናፉም። እኔም በዚያ ሰዓት ነበር አረፍ ማለት የምችለው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዎርድ መመለስ አለብኝ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ጥዬ አሸዋማውን የደቻቱ ወንዝ ተሻገርኩ። ዝናብ ከጣለ ጥቂት ቀን ሆኖት ስለነበር አሸዋው ውስጥ እዚህም እዚያም ውሃ ቋጥሯል። መጋላ ስገባ ጠባቡ መንገድ ጥላ ነበረው፤ እግዜር ይስጠው አልኩ።

ሱቁ ከኋላ በር አለው። አክስቱ ከበሩ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በሳህን አቀረበች፤ ሻሂ በወተት ቀዳች። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ በኦሮምኛ ግን እንግባባ ነበር። እሱ የብሎን ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠ። እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

«ከየት ልጀምርልሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ያን መቼም አልረሳውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ ግድግዳው አሁንም ፊቱ እንዳለ ሁሉ፣ በእጁ እየጠቆመ ተናገረ።

«መጀመሪያ ንጹሕ አንሶላ ሰቀሉ። ከንጉሡ ፎቶግራፍ ሥር። መብራት ጠፋ። መኪናው እንደ ንብ ጮኸ። ከዚያ ካርታ መጣ። ወባ ያለበት አገር ቀይ ነው። ሁለተኛው፣ ቆብ ያደረገ ፈረንጅ ረግረግ ውስጥ ቆሟል። ሦስተኛው ተገልብጦ ገባ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ...»

ሁሉንም ጻፍኩ። ካርታውን ጻፍኩ፣ ቆቡን ጻፍኩ፣ የሳቀውን ሰው እንኳ ሳልጽፍ አልቀረሁም። ምክንያቱም የቀረሁበት ነገር ትልቁ የትኛው፣ ትንሹ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም እኩል ያስፈራኝ ነበር። እሱም የቀረ እንዳይኖር ተጨነቀና የረግረጉን ሣር ቀለም ሳይቀር ነገረኝ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል። ድምፁ እየራቀ ሄደ። እርሳሴ ከእጄ ሲወድቅ ነው አክስቱ የጮኸችው።

«ዌይ ሁሩዳ! ተኝታለች እኮ!» አለች፤ ከዚያ በኦሮምኛ ወደ እሱ ዞራ ተቆጣች። «የደከመ ሰው ሙሉ ግመል ያበሉታል? ጉበቱን መርጠህ ስጣት!»

አፈርኩ። እሱም አፈረ። ሰዓቱ እየሄደ ነበር፤ እኛ ግን ትንኟ ጋ እንኳ አልደረስንም።

«ቆይ» አለ። «እንዲህ አይሆንም። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ወባ የያዘው ሰው ምን ይሆናል?»

«ይበርደዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ይቃጠላል፣ ከዚያ ያልበዋል። አንዳንዱን ቀን አልፎ ቀን ይመጣበታል። ሌላው ዓይነት ግን ጊዜ አይጠብቅም፣ ራስ ላይ ይወጣና ሰውን ያስቃዣል፣ ይገድላል።»

«መድኃኒቱን ማን ነው የሚያስውጠው?»

«እኔ ነኛ! ውሃውን የምይዝ እኔ ነኝ፣ ሲያስመልሰው የማጥብ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የበሽተኞቹንና የመድኃኒቱን ስላይዶች ተያቸው። ዎርድሽ ውስጥ በየቀኑ ታያቸዋለሽ። እኔ ነኝ እነሱን ማጥናት ያለብኝ፤ እኔ የማውቀው ብሎን ነው።»

ነገሩ ግን አልዋጥልኝ አለ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ከአንደኛው ገጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መሄድን ነው፤ ገጽ መዝለል ሌብነት ይመስለኛል። በዚያ ላይ የሚያስፈራኝ የመድኃኒቱ መጠን ነበር፤ መጀመሪያ እሱን ላጥና አልኩት።

«የሚያስፈራሽን ነው ወይስ የማታውቂውን?» አለ። «መጠኑን ሲስተርሽን ጠይቂያት፣ ቅዳሜ ጠዋትም ትነግርሻለች። ይኼ ግን» ግድግዳውን ጠቆመ፣ ምንም የሌለበትን ግድግዳ፣ «ይኼ ሄዷል።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ወደ አእምሮዬ መጣ። «ሐኪሙ የትኛው ላይ ብዙ ቆየ?» አልኩት።

ዓይኑን እንደገና ጨፈነ። ካርታው ላይ አልቆየም። ፈረንጁ ላይ አልቆየም። የመድኃኒት መርጫው ፓምፕ ላይ ትንሽ ነው የቆየው። ትንኟ ግድግዳ ላይ ያረፈችበት ላይ ግን በበትሩ ደጋግሞ ነካ። እጩ ውሃ ላይ የተንሳፈፈበት ላይም እንዲሁ። ደሙ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ አሳያቸው።

«እነዚህን ብቻ ንገረኝ» አልኩ። «ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር። ምን ይታያል? ሐኪሙ ምን አለ? ከሚመስለው ነገር በምን ይለያል?»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። የጻፍኩትን ሁሉ ተውኩና አዲስ ገጽ ከፈትኩ። የወባዋ ትንኝ ስታርፍ አንገቷን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰካ ምስማር ትመስላለች። ሌላዋ ግን ጎብጣ፣ ከግድግዳው ጋር እኩል ትተኛለች። ይህን አንድ መስመር ላይ አሰፈርኩ። የወባዋ እጭ ከውሃው ገጽ ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። የሌላዋ ከኋላው መተንፈሻ ቧንቧ አለው፤ በእሱ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። ይኼም አንድ መስመር። በማሸጊያ ወረቀት ላይ ሳለልኝ፤ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ነበር።

ደሙ ላይ ስንደርስ ክብ ሳለ፣ በክቡ ውስጥ ትንሽ ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይ ነጥብ። ሌላ ክብ ሳለና ማጭድ የመሰለች ጨረቃ አደረገበት።

«ጨረቃዋ የገዳዩ ነች» አለ። «በረመዳን መጨረሻ እንደምንጠብቃት፣ ቀጭን።»

«ቀለበቱስ?»

«ቀለበት ሁለቱም አላቸው። ግን በአንደኛው ዓይነት፣ የተያዘችው የደም ሕዋስ ታብጣለች፣ ከጎረቤቶቿ ትበልጣለች። በሌላው አታብጥም።»

«በየትኛው ነው የምታብጠው?»

እርሳሱን አስቀመጠ።

«ወላሂ፣ ይህንን አላውቅም» አለ። «ስላይዱ መኪናው ውስጥ ተቀረቀረ። ሐኪሙ ሲያወጣው እጁን አቃጠለው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ቀኝ ነው የተባለው፣ ግራ? ብነግርሽ እዋሽሻለሁ።»

ብዙ ሰው እንዲህ አይልም። አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ይናገርና ይገላገላል፤ የሰማም አምኖ ይጽፋል። እኔ በዚያ ቦታ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ። ምንጣፉ ላይ ሦስታችን ምልክቱን ከበን ስናይ፣ መጀመሪያ ምን ላጥና የሚለው ጥያቄ በራሱ ተመለሰ። መጀመሪያ እሱን ነው። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ የመለሰው ነገር ነው፣ እኛ አናውቀውም፣ በቤትም በመንገድም አይገኝም። ቀጥሎ እጩና ትንኟ። ትኩሳቱና መድኃኒቱ ለመጨረሻ። ካርታው ጊዜ ከተረፈ፤ እንደማይተርፍ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስነሳ ደብተሬን ወደ እሱ አዞርኩ። «እስቲ ልክ መሆኑን አንብበው።»

ገጹን ረጅም ጊዜ አየው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አክስቱ ወደ በሩ ዞረች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ፈተናው በአማርኛ ተጽፎ ነው የሚመጣው።

«እጭ የሚለው የቱ ነው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

በጣቱ ፈለገ። ሊያገኘው አልቻለም። የነገረኝ ሁሉ ከአፉ የወጣ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን የራሱን ቃል አያውቀውም ነበር።

«ነገም እመጣለሁ» አልኩ።

«አንቺ ደክመሻል።»

«አንተም ደክመሃል። ነገ እመጣለሁ።»

በዚያ ቀን ከሥራ ስወጣ ገና አልጨለመም። ጀርባዬ ለሁለት የተሰበረ ያህል ነበር፤ ቢሆንም ግቢያችን ያለውን የውሃ በርሜል ክዳን ከፈትኩ። ፀጉር የሚያካክሉ ነገሮች ራሳቸውን ዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ወረዱ። እናቴ ከኋላዬ፣

«ምን ጠፋብሽ?» አለች።

«ቧንቧ አላቸው፣ እማዬ።»

«ማን?»

«እጮቹ። እነዚህ የወባ አይደሉም።»

እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። ትኩሳት እንደሌለኝ ስታውቅ ክዳኑን ከእጄ ወሰደችና ከደነችው። በነጋታው ወደ መጋላ ስሻገር ደግሞ ከድልድዩ ሥር ፀሐይ ከሚመታው የአሸዋ ውሃ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አላፊ አግዳሚ ያየኛል። እዚያ ጠፍጣፋ ሆነው፣ ልክ ቀትር ላይ ጀርባው ላይ እንደተኛ ሰው፣ ከውሃው ገጽ ሥር ተኝተዋል። ስላይዱን ባላይም ይኸው አየሁት። ደስታ ልበለው? ደስ የሚለኝ አቅም አልነበረኝም። አንድ ነገር ከትከሻዬ ላይ የወረደ መሰለኝ እንጂ።

የጥያቄ ምልክቱ ግን ቀረ። የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ቁጡ ሰው ነበር፤ ከዎርድ የሚመጣ ሠራተኛ በሩን እንዲያልፍ አይፈቅድም። አንድ ጠዋት የምርመራ ጠርሙሶች ይዤ ሄጄ ከበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ።

«አስቀምጪና ሂጂ።»

«ጌታዬ፣ የቀለበቱን ነገር ለማየት ፈልጌ ነበር።»

«የምን ቀለበት? ልታገቢ ነው?»

«የወባውን። የተያዘችው ሕዋስ የምታብጠው በየትኛው ነው?»

ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። ሊቆጣ ነው ስል ከመደርደሪያው ደም የተቀባባቸው ሁለት መስታወቶች አወጣ። «አንዱን ዓይንሽን አትጨፍኚ፣ ሁለቱም ይከፈቱ» አለኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። ከዚያ ሐምራዊ ሜዳ መጣ። በመካከሉ አንዷ ከጎረቤቶቿ ሁሉ ሰፋ ያለች፣ ጥቃቅን ነጥብ የበዛባት፣ በውስጧ ቀለበት ያለባት። «ይኼ ቀን አልፎ ቀን የሚመጣው ነው» አለ። ሁለተኛውን ሲያስገባ ሕዋሶቹ ሁሉ እኩል ነበሩ፤ አንዷ ውስጥ ሁለት ቀለበት አለ፤ ራቅ ብላ ደግሞ ጨረቃዋ። «ይኼ ገዳዩ። አያሳብጥም። በቃሽ፣ ሂጂ።»

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ለመጋላው ነገርኩት። ጭኑን መታ። ከዚያ እኔ ሳነብ እሱ ይጽፋል፤ እጭ፣ ትንኝ፣ ተውሳክ፣ ትኩሳት፣ ያብጣል፣ አያብጥም። አክስቱ ሻሂ ስትቀዳ ቃላቱን አብራ ትደግም ጀመር። ሲሳሳት ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ ስጀምር አዛጋለሁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ለማጥናት ጊዜ እንደሌለው አይተን፣ ጥያቄ ውስጥ የሚመጡትን ቃላት ብቻ መረጥን፤ ጥያቄው ከገባው መልሱን በቃሉ ያውቀዋልና።

ቅዳሜ ፈተናው መጣ። ግማሹ በጽሑፍ፣ ግማሹ ሐኪሙ ፊት በቃል። ካርታ አልተጠየቀም። እጭ ተጠየቀ። በቃሉ ፈተና ሐኪሙ ማይክሮስኮፕ አቅርቦ «ምን ታያለሽ?» አለኝ። ሁለቱንም ዓይኔን ከፍቼ አየሁ። «ሕዋሷ አብጣለች» አልኩ፤ ቀሪውንም ተናገርኩ። አስተርጓሚያችን ሲመልስለት ድምፁ ውስጥ ኩራት የሰማሁ መሰለኝ። አንድ የመድኃኒት መጠን ግን ተሳሳትኩ፤ በየቀኑ የማስውጠውን! ሲስተርን መጠየቅ ረስቼ ነበር።

ውጤቱ በአዳራሹ በር ላይ ሲለጠፍ እኔ አልፌያለሁ። የመጋላው በቃሉ ከሁላችን በልጦ፣ በጽሑፉ ወድቋል። ጽሑፉን ብቻ እንደገና እንዲፈተን ፈቀዱለት። ከበሩ አጠገብ ቆሞ የራሱን ውጤት ራሱ አነበበ፤ ፊደል በፊደል፣ እስከ መጨረሻው። ላነብለት አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ።

«ተዪኝ፣ ዋላል፣ እህቴ» አለ። «ወደቀ የሚለውን ማንበብ ቻልኩ እኮ።»

ከዝናቡ ወራት በኋላ ዳግመኛ ተፈትኖ አለፈና የትንኝ መድኃኒት ከሚረጩት ቡድኖች ጋር ወደ ቆላው ወጣ። በጭነት መኪናው ላይ ፓምፖቹ መካከል ተቀምጦ ሲሄድ አክስቱ በሱማልኛ ስትመርቀው እኔ በኦሮምኛ አሜን እል ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማ ሲመጣ አንዳንዴ ዎርዱ በር ላይ ብቅ ይላል፤ ፀሐይ አጥቁሮት፣ ልብሱ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ።

እኔ ድሬሰር ተባልኩ። ካፖርቱ የመጣው ግን ቆይቶ ነው፤ በእኔ ቦታ የሚተካ ሰው እስኪገኝ አንሶላውንም መርፌውንም አንድ ላይ ያዝኩ። ጠዋት መርፌ እቀቅላለሁ፣ ከሰዓት ወለል እወለውላለሁ። የመጀመሪያውን መርፌ የወጋሁት ለአንድ አዛውንት ጋሪ ነጂ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ተማርሽው?» አሉኝ። «ማታ ማታ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ክንዳቸውን ሰጡኝ፤ መርፌው ሲገባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጥጡን ይዤ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ አጠገባቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ለማሳረፍ ያገኘሁት ሰበብ እሱ ብቻ ነበር።